ገቢያቸውን ያልሞሉ ነጋዴዎች፦ ልሰርዝ ወይስ ልተካ?

ሰላም፣ እርዳታችሁን እፈልጋለሁ። ጎንደር ላይ በ400 አባወራዎች ከሞላነው መጠይቅ በ92ቱ የወር ገቢው አልተሞላም። ባዶው በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ አብዛኞቹ ግብር ፈርተው «እሱን ተወው» ያሉ የአራዳ ነጋዴዎች ናቸው። ብሰርዛቸው የሚቀረው በብዛት ከነሱ ያነሰ የሚያገኝ ደመወዝተኛ ነው፤ አማካዩ ያለአግባብ ይወርዳል። ባዶውን በአማካይ ስሞላ ደግሞ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ጠበበ፣ ገቢ ከቁጠባ ጋር ያለው ዝምድናም ደከመ። አሁን ያለሁት እዚህ ነው፦

```
imp <- mice(d, m=20, method="pmm", seed=1)
```

ሥራ፣ ቀበሌና ቁጠባ ገብተውበታል። የተጣበቅኩት፣ pmm እሴት የሚበደረው ከመለሱት ሰዎች ብቻ ስለሆነ ነው። የደበቁት ከመለሱ የሥራ አቻዎቻቸው ይበልጥ የሚያገኙ ከሆነ ግምቱ አሁንም ዝቅ ይላል። የተተካውን ገቢ በ10፣ በ20 እና በ30 በመቶ ከፍ አድርጌ ውጤቱ የት ላይ እንደሚገለበጥ ለማየት አስቤያለሁ። ጭማሪው ለነጋዴዎቹ ብቻ ይሁን ወይስ ላልመለሱት ሁሉ? የላይኛውን ወሰንስ በምን መነሻ ልቁረጥ?