ጡቡ ገና ሳይተኮስ እየተሰነጠቀ ነው፣ ድረሱልኝ (አዳማ)

የአዳማው ጡብ ሠሪ፦ ጎበዝ፣ 3 ሺህ ጡብ አውጥተን ከትናንት ወዲህ ግማሹ ተሰነጠቀ። በሁለት ሳምንት ማስረከብ አለብኝ። ቀብዱን ተቀብያለሁ፣ በልቼዋለሁም። ፎርማው ያው ነው፣ ልጆቹም ያው ናቸው። ምን ልጨምርበት?

ባለ ጋራዡ፦ እሳቱ ነው። እቶኑን በአንዴ አጋልከው ማለት ነው። የመጀመሪያውን ቀን በጭስ ብቻ አቆየው።

የአዳማው ጡብ ሠሪ፦ ወንድሜ፣ አልተኮስኩትም! ሜዳ ላይ ተደርድሮ ነው የሚሰነጠቀው።

ባለ ጋራዡ፦ እንግዲያው ምክሬን ለኋላ አስቀምጠው፣ ያስፈልግሃል።

የገጠር ልጅ፦ ጭድ ጨምርበት። የአባቴ ቤት 40 ዓመት የቆመው በጭድ ነው።

ሲቪሉ፦ ጭድ ለምርግ ነው። ይሄ የሚያብጥ አፈር ይመስላል። መንገድ ስንሠራ እንዲህ ዓይነቱን በኖራ ነው የምንገራው። ከ4 እስከ 6 በመቶ ኖራ ቀላቅልበት፣ ልክ ይገባል።

አለት ወዳድ፦ ከኖራው በፊት አንድ ጥያቄ። አፈሩን ከየት አመጣኸው? ቀለሙስ?

የአዳማው ጡብ ሠሪ፦ ከሞጆ በኩል። ጥቁር ነው። ድሮ የምንጠቀመው ቀዩን ነበር፣ ጉድጓዱ አለቀ። ጥቁሩ ግን ምርጥ ጭቃ ነው፣ እንደ ሊጥ ይለጠጣል።

አለት ወዳድ፦ ይኸውልህ፣ ዋናውን ነገር ዘለህ ነው የጻፍከው! «ምርጥ ጭቃ» ያልከው መረሬ ነው። በጋ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው አፈር። በሜዳ ላይ የሚሠራውን ነው ጡብህ ላይ እየሠራ ያለው።

ምክንያቱ ውስጡ ነው። የሸክላ አፈር በዓይን ከማይታዩ ቀጫጭን ንብርብሮች የተሠራ ነው። ቀዩ አፈርህ ውስጥ የሚበዛው ካኦሊናይት ሳይሆን አይቀርም። የካኦሊናይት ንብርብሮች እርስ በርስ ተያይዘው የተጣበቁ ናቸው፣ ውሃ በመካከላቸው አይገባም። የሚያርሰው ውጭውን ብቻ ነው። መረሬ ውስጥ የሚበዛው ስሜክታይት ግን ሌላ ነው። ንብርብሮቹ አሉታዊ ሙሌት አላቸው፣ የያዛቸውም በመካከላቸው ያለ ካልሲየም ወይም ሶዲየም ነው፣ እሱም ላላ አድርጎ። ውሃ ሲያገኙ ይከፈቱና ያስገቡታል። ስለዚህ ጭቃው እንዲለጠጥልህ ብዙ ውሃ አጠጣኸው። ያ ውሃ ሲወጣ ደግሞ ጡቡ በዚያው ልክ ይሰበሰባል። ካኦሊናይት የሚበዛበት ሲደርቅ በርዝመቱ ከ3 እስከ 10 በመቶ ገደማ ያጥራል። ስሜክታይት የሚበዛበት ከ12 እስከ 23 በመቶ።

የገጠር ልጅ፦ ስለዚህ ጭድ።

የነፋስ መንገድ፦ እኔ አልስማማም። አፈር አፈር አትበሉ። የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። የጡቡ አንድ ፊት በግማሽ ቀን ደርቆ ይሰበሰባል፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ያኔ ይሰነጠቃል። ሸራ ያልብሰውና ያርፍ።

አለት ወዳድ፦ ነፋሱ ያባብሰዋል፣ እውነትህን ነው። ቀዩም ግን በዚያው ነፋስ ሲደርቅ ኖሯል። በዝግታ ማድረቅ ስንጥቁን ይቀንሳል፣ መሰብሰቡን ግን አያስቀርም።

ኖራውን በተመለከተ፣ ሲቪሉ ለመንገድ ልክ ነው። ካልሲየሙ ንብርብሮቹን ሰብሰብ ያደርጋቸዋል፣ እብጠቱ ይቀንሳል። ለሚተኮስ ጡብ ግን አልመክርም። መረሬ ራሱ ብዙ ጊዜ ነጫጭ የኖራ ድንጋይ ፍሬ አለው። እሳት ሲነካው ወደ ያልበረደ ኖራ ይለወጣል። ከዚያ ጡቡ ውጭ ሲቀመጥ ፍሬው እርጥበት ይስብና ያብጣል፣ ገጹን ቀርፎ ይጥለዋል። እስኪ አፈርህ ላይ ሆምጣጤ ጠብ አድርግ። ነጩ ነጥብ ላይ አረፋ ካወጣ ከመቀላቀልህ በፊት በወንፊት አውጣው፣ ካልሆነ አድቅቀው።

የሐዋሳዋ ሸክላ ሠሪ፦ ለእኔም መልሱልኝ። ከቦምቦዋ የመጣ ነጭ ካኦሊን አገኘሁ። ንጹሕ ነው፣ እሱ ይሻላል ብዬ ብቻውን ስኒ ሠራሁበት። አልተሰነጠቀም፣ ግን ተተኩሶ ሲወጣ በጥፍር ሲነካ እንደ ጠመኔ ይፋቃል። እሱም አፈሩ ነው እንዳትሉኝ።

አለት ወዳድ፦ አዎ፣ እሱም አፈሩ ነው፣ በተቃራኒው። ንጹሕ ካኦሊን ውስጥ የሚያቀልጥ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ብረት፣ ፖታሲየም፣ ሶዲየም ትንሽ ነው። የአንቺ እሳት ምናልባት 900 ዲግሪ አካባቢ ነው። ንጹሕ ካኦሊን ለመቅለጥ ከ1700 በላይ ይፈልጋል። የሴራሚክ ሠሪዎች ፌልድስፓር የሚቀላቅሉት ለዚህ ነው፣ እንደዚያም ሆኖ ከ1200 በላይ ያቃጥሉታል። ተራ አፈር ውስጥ ያለው «ቆሻሻ» ነው ጡቡን በ900 የሚያጣብቀው። ስለዚህ ጡብ ሠሪው ወንድማችን ካኦሊን ገዝቶ ይጨምር የሚል ካለ ገንዘቡን አታስጨርሱት።

የሐዋሳዋ ሸክላ ሠሪ፦ እኛማ ለምጣድ ገል ፈጭተን ነው የምንጨምረው፣ እናቴም እንዲሁ ነበር የምትሠራው። ለስኒው ነው የተታለልኩት።

አለት ወዳድ፦ መድኃኒቱን ተናገርሽው! ገል አንድ ጊዜ ተተኩሷል፣ ውሃ ቢነካውም አያብጥም፣ ሲደርቅም አይሰበሰብም። ውሃውም በገሉ ዳርና ዳር መውጫ ያገኛል።

ወንድሜ፣ አሁን አንተ የተበላሸ የተተኮሰ ጡብ ካለህ አድቅቀህ ንፋው፣ የስኳር ፍሬ የሚያህል ይሁን። ካለቀብህ ሻካራ አሸዋ። ሦስት ዓይነት ቅልቅል አዘጋጅ፦ አፈሩን ብቻ፣ ሦስት እጅ አፈር ከአንድ እጅ ደቃቅ ጡብ ጋር፣ ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ ጋር። ከእያንዳንዱ ውፍረቱ ጣት የሚያህል ረጅም ዱላ ሥራና 100 ሚሊሜትር መስመር ጫርበት። ጥላ ውስጥ አድርቀህ መስመሩን ለካ። 92 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሞክረው። ከ90 በታች ከሆነ ልፋትህ ሜዳ ላይ ይቀራል። አሸዋውን ግን አታብዛው፣ ጡቡ ሲነካ ይረግፋል።

የተሰነጠቀውንም አትጣለው። ገና አልተተኮሰም፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል።

የገጠር ልጅ፦ ጭዱስ?

አለት ወዳድ፦ ጭዱ ሲደርቅ ይይዘዋል። ሲተኮስ ይቃጠልና ቀዳዳ ይተዋል፣ የጡቡ ክብደት ይቀንሳል፣ ይደክማልም። ጭነት የሚሸከም ግድግዳ ካልሆነ ይሁን።

የአዳማው ጡብ ሠሪ፦ *(ከሦስት ቀን በኋላ)* ዱላው ደረቀ። አፈሩ ብቻ 86 ሆነ። ሦስት ለአንዱ 90። ሁለት ለአንዱ 92 ተኩል። ሆምጣጤው በጥቂቱ አረፋ አወጣ። አሁን በሁለት ለአንዱ 200 ጡብ አውጥተን ሸራ አልብሰናል። ደቃቁን ጡብ የምናደቅበት ወፍጮ ግን የለንም፣ ልጆቹ በመዶሻ እየረገሙኝ ነው።

የነፋስ መንገድ፦ ሸራው የእኔ ምክር መሆኑ ይመዝገብ።

አለት ወዳድ፦ 200ውን እስከ መጨረሻ አድርቀህ ጥቂቱን ተኩሳቸው። 3 ሺህ አታውጣ ገና።

ባለ ጋራዡ፦ የመጀመሪያውን ቀን በጭስ!

የሐዋሳዋ ሸክላ ሠሪ፦ ምን ሆነ ጡቡ? ሳምንት አለፈው እኮ።

ባለ ኩሬው፦ ጡቡን ተዉት፣ ለእኔ የተረፈው ጥቁር አፈር ነው። ለፍየሎቼ የውሃ ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ፣ ውሃው ይሰርጋል። ወለሉ ላይ ረግጬ ብደለድለው ያብጥና ይደፍነዋል አይደል? ስንት መኪና ይበቃኛል?