የፌብሩዋሪን ቻርጅባክ በየትኛው ወር ሽያጭ ላካፍል?

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ሆኜ የሰሜን ተራሮችን ጉዞ በኦንላይን እሸጣለሁ። ደንበኞቼ በካርድ ነው የሚከፍሉት። አንድ ስሌት ላይ ተጣብቄያለሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ።

ጃንዋሪ ላይ ጥምቀት ስለነበር 240 ክፍያ ገባ። ፌብሩዋሪ ቀዝቀዝ ብሎ 80 ብቻ ሆነ። በዚያው በፌብሩዋሪ 3 ቻርጅባክ መጣብኝ። ሦስት ሰዎች ባንካቸው ሄደው ክፍያውን አስመለሱ ማለት ነው። 3ን ለ80 ሳካፍል 3.75 በመቶ ወጣና ደነገጥኩ። ለ240 ሳካፍል ደግሞ 1.25 በመቶ ነው። ዳታውን ሳየው ሦስቱም የተከፈሉት በጃንዋሪ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ይበልጥ እውነቱን የሚናገር ይመስለኛል።

ማስተርካርድም የወሩን ቻርጅባክ የሚያካፍለው ባለፈው ወር ግብይት ብዛት ነው። ነጋዴውን ክትትል ውስጥ የሚያስገባው 1.5 በመቶ ሲደርስና ቻርጅባኩም ቢያንስ 100 ሲሆን ነው። እኔ ከ100 በጣም ሩቅ ነኝ። የሚያሳስበኝ ክፍያ የሚያቀናብርልኝ ድርጅት ነው፤ እሱ የራሱን ጠበቅ ያለ ገደብ ሊያወጣ ይችላል።

ሪፈንዱ ላይ ነው ይበልጥ የተምታታብኝ። ከጃንዋሪ ሽያጭ 12 መለስኩ፣ 5 በመቶ። ከነዚህ አንዱ 16 ቀን ጠብቆ ሲሰለቸው ባንኩ ሄደ። እኔ ደግሞ ሳላውቅ በማግስቱ ሪፈንዱን ላክሁ። አሁን በአንድ የክፍያ ቁጥር ሁለት ረድፍ አለ፣ ገንዘቡም ሁለት ጊዜ ወጥቷል።

ይህን ሰው በሁለቱም ስሌት ልቁጠረው ወይስ በቻርጅባኩ ብቻ? ሪፈንዱን ማስረጃ አድርጌ ብከራከርና ባሸንፍስ፣ ቁጥሩ ይቀነስልኛል?