ጥቆማ፦ በእናቴ አንገትና በቀሚሷ ጥለት ላይ የተጻፈውን ማን ያነሳልኛል?

ጠያቂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ ሙት ዓመት ደርሷል። ለባነር የሚሆን ፎቶ ያለን አንድ ብቻ ነው። እሱም ላይ አንድ ዘመዳችን ለፋሲካ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ በወርቃማ ቀለም ጽፎበታል። ከጎኑ የሚሠራበት ድርጅት ሎጎ አለ። ጽሑፉ ከአንገቷ ይጀምርና በነጠላዋ ላይ አልፎ የቀሚሷ ጥለት ላይ ያርፋል። ዋናው ፎቶ ከጠፋ ስልክ ጋር ሄዷል።

ሁለት ቦታ ጠይቄያለሁ። አንዱ ቤት በአሥር ደቂቃ ጨረሰው። ጽሑፉስ ጠፍቷል፤ ግን አንገቷ የአሻንጉሊት አንገት መሰለ። ንቅሳቷም አብሮ ጠፋ። እናቴን ያለ ንቅሳቷ የሚያውቃት ሰው የለም። ሁለተኛው «እኔ በፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን ነው የምሠራው» ብሎ የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ጠራብኝ። ይሄ ነገር ዋጋ ማስወደጃ ነው ወይስ የምር ይሠራል? ማንን ትጠቁሙኛላችሁ? ወይስ ራሴ ልሞክረው? ላፕቶፕ አለኝ፣ ፎቶሾፕ የለኝም።

የባነር ቤት ልጅ

ነፍስ ይማር። ዋጋ ማስወደጃ አይደለም፣ የምር ይሠራል። ፎቶው ለሁለት ይከፈላል፤ ታች ቀለሙና ጥላው፣ ላይ ደግሞ የቆዳው ሸካራነትና የክሩ መስመር። ታችኛውን ሌየር ብለር ታደርጊዋለሽ፣ ላይኛውን አትነኪውም፣ አለቀ። ፒያሳ ካሉት ማተሚያ ቤቶች ብዙዎቹ ይሠሩታል። ከባነሩ ጋር አንድ ላይ ካዘዝሽ ዋጋውንም ይቀንሱልሻል።

ካሜራ ይዤ የምዞር

እኔ በበኩሌ ሎጎ ማንሳት የሚባል ነገር ደስ አይለኝም። ሰው ደንበኛ ሆኖ ይመጣል፣ ናሙና ትልክለታለህ፣ ሎጎህን አስፍቆ ያትመዋል። ያነሳሽን ሰው ፈልገሽ ዋናውን ብትገዢው አይሻልም?

ጠያቂዋ

ያነሳው ወንድሜ ነው። የጠፋውም ስልክ የሱ ነው።

ካሜራ ይዤ የምዞር

ይቅርታ፣ ሳላነብ ነው የገባሁት። እንግዲያው ዘመድሽ ጽሑፍ የሌለበትን ኮፒ ቴሌግራሙ ላይ ትቶት እንደሆነ ጠይቂው። ካገኘው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክልሽ። እንደ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ነው የሚደርስሽ፤ የቆዳው ሸካራነት ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

የድሮ ሪታቸር

የባነር ቤቱ ልጅ ግማሹን ልክ ብሏል። ሌላው ግማሽ ግን ያንን የፕላስቲክ አንገት የሚያመጣ ነው።

ታችኛውን ሌየር ብለር ማድረግ የሚያዋጣው ፊት ላይ ላለ መቅላት ወይም ለተዘበራረቀ ጥላ ነው። እዚህ ግን ታች የተቀመጠው የፊደሉ ወርቃማ ቀለም ነው። እሱን ብለር ስታደርጊው አይጠፋም፤ ይቀባል። እንደ ፈሰሰ ዘይት ቆዳው ላይ ይዘረጋል። ላይኛውን «አትነኪውም» ያለውም አያስኬድም፤ የፊደሉ ጠርዝ የተቀመጠው እዚያ ነውና። ታችኛውን ብታጸጂው እንኳ ከላይ በግራጫ «እንኳን አደረሳችሁ» ተጽፎ ይቀራል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ፊደሉ ደማቅና ድፍን ከሆነ ከሥሩ የነበረው ቆዳ ፋይሉ ውስጥ የለም። ይሄ ዘዴ የተደበቀ ነገር አያወጣም። የሚጠቅመው ቀለሙን ከአንድ ቦታ፣ ሸካራነቱን ከሌላ ቦታ እንድታመጪ ስለሚፈቅድልሽ ነው። አንገት ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ በአገጭ ጥላ ሥር ላለው ቆዳ ብርሃን ካለበት ቦታ ሸካራነት ብትበደሪ ማንም አያውቅብሽም።

ራስሽ መሞከር ከፈለግሽ አፊኒቲን አውርጂ። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ በነጻ ሆኗል፣ አካውንት ብቻ ይጠይቃል። Frequency Separation የሚል ፊልተር አለው፤ ሁለቱን ሌየር ራሱ ይሠራልሻል። ፎቶሾፕ ላይ ግን በእጅ ነው። ሌየሩን ሁለቴ ትገለብጪዋለሽ፣ ታችኛውን Gaussian Blur ትሰጪዋለሽ። ከዚያ ላይኛው ላይ ሆነሽ Apply Image ትከፍቺና ታችኛውን ሌየር ትመርጫለሽ። Blending ላይ Subtract፣ Scale 2፣ Offset 128 ካደረግሽ በኋላ የላይኛውን ሞድ ወደ Linear Light ትቀይሪዋለሽ። ይሄ ለ8 ቢት ፎቶ ነው። በትክክል ከሠራሽው ፎቶው ከበፊቱ ምንም አይለይም። ከተለየ አንድ ቁጥር ስተሻል።

የብለሩን መጠን በቁጥር አትጠይቂኝ፣ በዓይንሽ ለኪው። የቆዳው ቀዳዳ እስኪጠፋ ከፍ አድርጊ፤ የአንገቷ እጥፋት ግን መታየት አለበት። መካከለኛ መጠን ላለው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ፒክሰል መካከል ታርፊያለሽ።

ጂምፕ ብቻ

አፊኒቲ ምን ያደርጋል? ጂምፕ ላይ Wavelet Decompose አለ፣ ሁለት ሳይሆን አምስት ደረጃ ያወጣል፣ ከታች ደግሞ Residual የሚል ይተርፋል። ነጻ ነው፣ አካውንትም አይጠይቅም። እኔ የአባቴ ፎቶ ግንባር ላይ የነበረውን ብርቱካናማ ቀን በሱ ነው ያነሳሁት። ድሮ ካሜራዎች ጥግ ላይ የሚያትሙት ቀን አለ አይደል? አባቴ ጥግ ላይ ነበር የቆመው።

የድሮ ሪታቸር

ጂምፕን አልጠላም። ለፊት መጨማደድ አምስቱ ደረጃ ግሩም ነው። ለፊደል ግን ሥራ ያበዛል፤ የፊደሉ ጠርዝ በየደረጃው ተከፋፍሎ ስለሚቀመጥ አምስት ቦታ ታጸጃለህ። የአንተ ቀን ቀጭን ስለነበር ነው የቀለለህ። ጂምፕ ላይም ሁለት ሌየር ብቻ በ Grain extract እና Grain merge መሥራት ይቻላል፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ከቨርጂኒያ

እኔም የአያቴን ፎቶ እዚህ አሜሪካ ለሚገኝ በኦንላይን ለሚሠራ ሪታቸር ልኬ ነበር። አሠራሩ ንጹሕ ነው፣ ዋጋውም አልከፋም። ግን የአንገት ንቅሳቷን የቆዳ ጉዳት መስሎት አጠፋው! ስጠይቀው «ስጦታ ነው፣ ለዚህ አላስከፍልሽም» አለኝ። ስለዚህ ማንም ይሥራልሽ፣ ንቅሳቱን በቀይ ከበሽ «ይሄን አትንካ» ብለሽ ጻፊለት።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። አፊኒቲ አውርጄ ትናንት ማታ አንገቷ ላይ ሞከርኩ። ብለሩን 6 አደረግኩት። ታችኛው ላይ በክሎን ብሩሽ ፊደሎቹን በቆዳዋ ቀለም ሸፈንኩ፣ ላይኛው ላይም እንደዛው። ፊደሎቹ ጠፉ፤ ግን ዙሪያቸው ደብዛዛ ቢጫ ጭስ የመሰለ ነገር ቀረ። ሸካራነቱም ፊደል የነበረበት ቦታ ላይ ሳሳ አለ።

የድሮ ሪታቸር

ጎበዝ፣ ደህና ደርሰሻል። ጭሱ የብለሩ ነው። በ6 ፒክሰል ስታደበዝዢው ወርቃማው ቀለም ከፊደሉ ጠርዝ ወጥቶ ከ12 እስከ 18 ፒክሰል ድረስ ይፈስሳል። አንቺ ያጸዳሽው ፊደሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ፊደሉን ሴሌክት አድርገሽ በ18 ፒክሰል አስፊውና በሁለቱም ሌየር ላይ እስከዚያ ድረስ ቀይሪ። ታችኛው ላይ ወርቁ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ ነው ለስለስ ያለ ብለር የሚመጣው። የባነር ቤቱ ልጅ ያለው ያኔ ልክ ይሆናል።

መሳሳቱ ደግሞ ከብሩሹ ነው። ላይኛው ላይ ለስላሳ ጠርዝ ባለው ብሩሽ ስትሠሪ ሁለት ሸካራነት ተደራርቦ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ብሩሹን ጠንካራ አድርጊው፣ Opacity 100 ይሁን። ምንጩ ደግሞ Current Layer መሆኑን እዪ። ሁሉንም ሌየር ከቀዳ ቀለሙንም ይዞ ይመጣል፣ ልፋትሽ ከንቱ ይሆናል።

የባነር ቤት ልጅ

እሺ ተቀብያለሁ። ጥለቱስ? እዚያም እንዲሁ ነው?

የድሮ ሪታቸር

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው። ቆዳ ላይ ቀለምና ሸካራነት ቢለያዩ ግድ የለም። ጥለት ላይ ግን ቀዩና አረንጓዴው ራሱ ነው ቅርጹ። ቀለሙ ታችኛው፣ የክሩ መስመር ደግሞ ላይኛው ሌየር ውስጥ ይቀመጣል። ለየብቻ ከተለያየ ቦታ ካመጣሽው አረንጓዴው አንድ ቦታ፣ ክሩ ሌላ ቦታ ይሆናል። ሸማኔ ቢያየው ይስቃል።

ስለዚህ ጥለቱ ላይ ቅደም ተከተሉን ገልብጪው። ፎቶውን ለሁለት ከመክፈልሽ በፊት፣ ባልተነካው ፎቶ ላይ፣ ፊደል ያላረፈበትን አንድ ሙሉ ድግግሞሽ ቁረጪ። የእናትሽ ቀሚስ ጥለት መስቀል ከሆነ ከመስቀል እስከ መስቀል ማለት ነው። እሱን ፊደሉ ላይ አምጥተሽ የቀሚሱን እጥፋት እንዲከተል ጠምዝዢው፣ መስመሩን ከግራና ከቀኝ አስማሚ። ከዚያ በኋላ ነው ፎቶው ለሁለት የሚከፈለው። አሁን ታችኛው ሌየር ላይ የቀረሽ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የለጠፍሽው ከብርሃን የመጣ ከሆነና እጥፋቱ ጥላ ውስጥ ከሆነ ጥላውን ማስማማት።

ነጠላው ቀላል ነው። ነጭ ነው፣ ሸካራነቱ እኩል ነው። ክሩ የተዘረጋበትን አቅጣጫ ብቻ ጠብቂ።

ጠያቂዋ

ጥለቱን እኔ አልችለውም፣ ለባለሙያ ልስጥ። አንገቱን ግን ራሴ ልጨርስ። ሰውየው የምር የሚሠራ መሆኑን በምን ልወቅ?

የድሮ ሪታቸር

ጄፔግ ብቻ አትቀበዪ፣ ሌየሩ ያልተደፈጠጠ ፋይል ጠይቂ። ከላይኛው በቀር ሌላውን ሌየር ሁሉ አጥፊና ላይኛውን ብቻ እዪው። ግራጫ ሆኖ ይታያል። እዚያ ግራጫ ላይ የፊደል ቅርጽ ወይም ልሙጥ ለጥ ያለ ቦታ ካየሽ አልሠራውም። ባነር ደግሞ ፎቶውን ስለሚያጎላው ስልክ ላይ የማይታየው እዚያ ላይ ይታያል።

ቤት በስም አልጠቁምም፤ ዛሬ ጎበዝ የነበረው ልጅ ነገ ሌላ ቦታ ይቀጠራል። ከባነር ጋር በነጻ እንሠራልሻለን የሚሉትን ግን እለፊያቸው፤ ጊዜ አይሰጡትም። ለብቻው ሪታች የሚሠራ፣ የድሮ ፎቶ ያደሰበትን ናሙና ሊያሳይሽ የሚችል ሰው ፈልጊ። ሦስት እጥፍ የጠራብሽን ሰው ላይኛውን ሌየር አሳየኝ በዪው። ካሳየሽ ዋጋው አልበዛም።

ካሜራ ይዤ የምዞር

እኔ ግን ሌየር ያለውን ፋይል አልሰጥም። የሥራ ሚስጥር ነው።

የድሮ ሪታቸር

አትስጣት እሺ፣ ስክሪንህ ላይ አሳያት።

ጠያቂዋ

አንገቱ እያለቀ ነው። ጭሱ ጠፍቷል። አሁን የቀረኝ ንቅሳቱ ነው። መስመሮቹ አንገቷን ይዞራሉ፤ «አደ» የሚለው መሃላቸው ላይ ነው ያረፈው። ከግራ ስቆጥር ሦስት ናቸው፣ ከቀኝ አራት ይመስላሉ። በሥሩ የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ አላውቅም።

የድሮ ሪታቸር

ንቅሳት እንደ ጥለት ቁጠሪው። ቆዳ ውስጥ የገባ ቀለም ስለሆነ ጠርዙ ደብዛዛ ነው፤ አብዛኛው ታች፣ ጥቂቱ ላይ ይቀመጣል። ከጎን ያለውን መስመር ከሁለቱም ሌየር አንድ ላይ ቅጂና ኩርባውን አስከትዪ። ስንት መስመር እንደሆነ ግን እኔ አልነግርሽም።

ከቨርጂኒያ

ሦስት አድርጊው ባይ ነኝ። አራተኛው የአንገት እጥፋት ሊሆን ይችላል።

ጂምፕ ብቻ

ካላወቅሽ አትሥዪ። ደብዘዝ አድርጊና ተዪው።

ጠያቂዋ

አክስቴ ጋ ደወልኩ። አራት ነው ትላለች፤ አብረው ነው የተነቀሱት። ወንድሜ ደግሞ ሦስት ነው ብሎ ይምላል። ነገ አክስቴ ጋ ሄጄ አንገቷን አየዋለሁ።