ለተናደደ ደንበኛ በአደባባይ ሲመለስ፣ እውነቱ ምን ያህል ይነገር?

ሄለን፦ ስልክ ጥገና ቤት አለኝ። አንድ ደንበኛ ጎግል ላይ አንድ ኮከብ ሰጥቶን እንዲህ ጻፈ፦ «ሌቦች ናቸው። ስክሪን ብቻ ቀይሩልኝ ብዬ ሰጠኋቸው፣ ሳምንት ሙሉ አስቀመጡት፣ ፎቶዎቼን በሙሉ አጠፉብኝ። እንዳትሄዱ!» መዘግየቱ እውነት ነው። ዕቃው በጊዜው አልደረሰም፣ ደውለንም አልነገርነውም። ፎቶው ግን በእኛ አልጠፋም። ስልኩ ሲመጣ ውሃ ገብቶበት ነበር። ዳታው ሊጠፋ እንደሚችል ነግረነው ፈርሟል። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ገጻችን ላይ ልለጥፈው ወይስ ዝም ልበል?

ዳዊት፦ ለጥፊው እንጂ! ሌባ ተብለሽ ዝም ካልሽ ሰው «አምናለች» ነው የሚለው። ማስረጃ እጅሽ ላይ እያለ ምን ያስጨንቅሻል? እሱ በአደባባይ ነው የጀመረው፣ በአደባባይ ይመለስለት።

ሳራ፦ ዳዊት፣ ዝም አትበዪ ያልካት ልክ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን አልስማማም። እዚያ ላይ የሰውየው ስም፣ ስልክ ቁጥርና ፊርማ አለ። ለጥገና ብሎ የሰጠሽን መረጃ ለክርክር አወጣሽው ማለት ነው። ነገ ስልኩን ሊሰጥሽ ያሰበ ሰው ያንን ሲያይ «ብጣላት የእኔንም ታወጣለች» ይላል። በአሜሪካ ዳላስ ያለ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት የልፕ በሚባል የአስተያየት መስጫ ድረ ገጽ ላይ ለተጻፈበት አስተያየት ሲመልስ የታካሚዎችን መረጃ አወጣ ተብሎ በ2019 10,000 ዶላር ከፍሏል። ያ የሕክምና ሕግ ስለሆነ ያንቺን ጉዳይ በቀጥታ አይነካም። ግን አስቢው፣ እነሱም እውነቱን እየተናገርን ነው ብለው ሳይሆን አይቀርም።

ተስፋዬ፦ እኔ የቤት ዕቃ እሠራለሁ። ጭራሽ ደንበኛዬ ያልሆነ ሰው ነው አንድ ኮከብ የሰጠኝ። ሪፖርት አደረግሁ፣ አልተነሳም። ሄለን፣ ጊዜሽን አታባክኚ። እነዚህ ሰዎች አይሰሙም። ገንዘቡን መልሰሽ «ሰርዘው» በዪው፣ ይቀልሻል።

ሳራ፦ ጋሽ ተስፋዬ፣ የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ነው። ጎግል ማን ልክ ነው ብሎ አይዳኝም። የሚያነሳው ደንቡን የጣሰውን ነው፦ የውሸት አካውንት፣ ዘለፋና ማስፈራሪያ፣ ተፎካካሪ የጻፈው፣ እንዲህ ያለውን። «ውሸት ነው» ብቻ ብለው ሪፖርት ካደረጉ አይሰማም። ጽሑፉ የትኛውን ደንብ እንደጣሰ መርጠው ያሳዩ። እስከዚያ ግን «በዚህ ስም የተሠራ ሥራ መዝገባችን ላይ አላገኘንም፤ በሌላ ስም አዘው ከሆነ የደረሰኝ ቁጥርዎን ይላኩልን» ብለው ይመልሱ። ውሸታም ሳይሉት አንባቢው ይገባዋል።

ገንዘቡ ላይ ግን ይጠንቀቁ። የሚገባው ከሆነ ይመለስለት። «ከሰረዝክ እመልስልሃለሁ» ማለት ግን በራሱ በጎግል ደንብ የተከለከለ ነው። ሰውየው መልእክትዎን ስክሪንሾት አድርጎ ከለጠፈው ደግሞ ሁለተኛው ጣጣ ከመጀመሪያው ይብሳል።

ሄለን፦ እሺ፣ ወረቀቱን ተውኩት። ይህን ልለጥፍ ነው፦ «ውሸት አትናገር። ስልክህን ውሃ ውስጥ ጥለህ ነው ያመጣኸው። አንብበህ ፈርመሃል። የሰው ስም ማጥፋት በሕግ ያስጠይቃል።»

ዳዊት፦ አንጀት አርስ!

ሳራ፦ እህቴ፣ ዛሬ አትለጥፊው። እደሪበት። በንዴት የተጻፈ ነገር ጠዋት ሲነበብ ያሳፍራል። እስቲ እንየው። «ውሸት አትናገር» ስትይ መዘግየቱንም አብረሽ ካድሽ። እሱ ደግሞ እውነት ነው። አንዱን ሐቅ ከካድሽ ሌላውን ማን ያምንሻል? «ውሃ ውስጥ ጥለህ» ጥፋቱን በእሱ ላይ መጫን ነው፣ ለሌላ ሙግት በር ይከፍታል። በሕግ ማስፈራራቱን ደግሞ የሚያነበው እሱ ብቻ አይደለም፣ የነገ ደንበኛሽም ነው። «ቅሬታ ባቀርብ እከሰሳለሁ» ብሎ ይሄዳል።

መጀመሪያ የሥራ መዝገቡን አውጪ። መቼ ተረከባችሁ፣ ለመቼ ተቀጠረ፣ መቼ ወሰደ? ከዚያ ደውዪለት። ተነጋግራችሁ ከተስማማችሁ መልሱ ራሱ ይቀየራል። ካላነሳ እንዲህ ብትዪስ፦

«ስልክዎ ከቀጠሮው ዘግይቷል፣ ደውለንም አላሳወቅንዎትም። ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን። ፎቶ ማጣት ከባድ ነገር ነው። ስለ ዳታው መዝገባችን ላይ ያለው እርስዎ ከጻፉት ስለሚለይ አብረን ብናየው ደስ ይለኛል። ሄለን እባላለሁ፣ የቤቱ ባለቤት ነኝ። በደረሰኝዎ ላይ ባለው ስልክ በቀጥታ ያገኙኛል።»

ይቅርታው ለመዘግየቱ ብቻ እንደሆነ ልብ በዪ። «ለተፈጠረው ሁሉ ይቅርታ» ካልሽ ፎቶውንም አጥፍተናል ማለትሽ ነው።

ማርታ፦ እኔ የማንም ቤት ባለቤት አይደለሁም፣ ሪቪው አንብቤ ነው ዕቃ የማሠራው። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን፣ ለእኛ ውድ ነዎት» የሚል ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሳይ ወዲያው ነው ጥዬ የምወጣው። ይሄኛው ይሻላል። ግን «ከጻፉት ይለያል» የሚለው አላጠገበኝም። እኔ ማወቅ የምፈልገው የእኔ ፎቶ ምን ይሆናል የሚለውን ነው።

ዳዊት፦ ይኸው! እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። እውነቱ ካልተነገረ ለእሱ አደላችሁለት።

ሳራ፦ ማርታ ጥሩ ነገር አነሳሽ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር፦ «ውሃ የገባበትን ማንኛውንም ስልክ ከመክፈታችን በፊት ዳታው ሊጠፋ እንደሚችል ለደንበኛው አስረድተን በጽሑፍ እናስፈርማለን።» ስለ ሰውየው ምንም አላወራሽም። አሠራርሽን ነው የተናገርሽው። አንባቢው የቀረውን ራሱ ይደርስበታል። ይህ የሚሠራው ግን ሁልጊዜ የምታስፈርሚ ከሆነ ብቻ ነው። አንድ ሳይፈርም የወሰደ ደንበኛ ከታች መጥቶ «እኔን አላስፈረሙኝም» ካለ አለቀልሽ።

ዳዊት፦ ይሄ በጨዋ ቋንቋ ውሸታም ማለት አይደለም? ለእኔ በቀጥታ መናገሩ ይሻላል። ለመሆኑ መመለሱስ ይጠቅማል?

ሳራ፦ ውሸታም ማለት ነው የሚለው ያከራክራል፣ ሰውየውም እንደዚያ ሊወስደው ይችላል። መመለስ ይጠቅማል ወይ ለሚለው ግን በ2017 ማርኬቲንግ ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ የፕሮሰርፒዮና የዘርቫስ ጥናት አለ። ትሪፕአድቫይዘር ላይ ያሉ ሆቴሎች ለእንግዶች አስተያየት መመለስ ሲጀምሩ አማካይ ደረጃቸው በ0.12 ኮከብ ገደማ ከፍ ብሏል። መጥፎ አስተያየት ቀንሷል፣ የሚጻፈው ግን ረዝሟል። ባለቤቱ እንደሚያነብ ሲያውቅ ያለ በቂ ምክንያት የሚሳደብ ያንሳል፣ በእርግጥ የከፋው ደግሞ አብራርቶ ይጽፋል። የሆቴል ጥናት ስለሆነ ቁጥሩን ለስልክ ጥገና አልምልበትም።

ተስፋዬ፦ ተመልሶ ቢሳደብስ? እንደገና ልትመልስ ነው?

ሳራ፦ ጎግል ላይ ለአንድ አስተያየት አንድ መልስ ነው ያላት፤ ያንኑ ማስተካከል ግን ትችላለች። እሱም የራሱን ማስተካከል ይችላል። ሄለን፣ ይህን አትርሺ። ስትመልሺ ማሳወቂያ ይደርሰዋል። ተነስቶ ሌላ ክስ ቢጨምር ያንቺ መልስ ለቀድሞው ጽሑፍ የተጻፈ ሆኖ ይቀራል። በየጊዜው እያየሽ አዲስ ሐቅ ካለ ብቻ አስተካክዪ፣ ለስድቡ አትመልሺ። ከታረቃችሁ ደግሞ «ስልክዎን በድጋሚ አይተን ከእርስዎ ጋር ተስማምተናል» ብለሽ ጨምሪበት።

ሄለን፦ ነገ ጠዋት እደውልለታለሁ። ግን ከታረቅን «አስተያየትህን አስተካክልልኝ» ብለው ነውር ነው?

ማርታ፦ ነውር ነው። ውለታ ነው የሚመስለው።

ሳራ፦ እኔ ግን አንዴ፣ ምንም ሳታስይዢ፣ ብትጠይቂው ችግር አይታየኝም።

ዳዊት፦ ሌባ ብሎሽ ሳያስተካክል ሊቀር? ጠይቂው እንጂ!