ሠላሳ ሰው በአንድ ፎቶ፦ የኋላው ረድፍ ፊት እንዴት ይታይ?

ሰላም ለሁላችሁ፤ የምታውቁ እርዱኝ። ቅዳሜ ሠላሳ የምንሆን ዘመዳሞች እንሰበሰባለን፤ ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ። አያቶቻችንን መሃል ወንበር ላይ፣ ልጆቹን ከፊታቸው መሬት ላይ፣ የቀሩትን ከኋላ በሁለት ረድፍ ላደርግ አስቤያለሁ። በጥቂት ሰው ስሞክረው ግን የመጨረሻው ረድፍ ከግንባር በታች አይታይም። እያንዳንዱን ከፊቱ ባሉት ሁለት ሰዎች ትከሻ መሃል ሳቆመው ተሻለ፤ ሆኖም ቁመታችን ተቀራራቢ ስለሆነ አሁንም አገጭ ይሸፈናል።

ይበልጥ ያስጨነቀኝ የዳሮቹ ነገር ነው። ቦታው ጠባብ ነው፤ ወደ ኋላ ብዙ መራቅ አልችልም። የስልኬን ካሜራ 0.5 ላይ ሳደርገው ሁሉም ይገባል፤ ጫፍ ላይ የቆሙት ግን ፊታቸው ወደ ጎን ይለጠጣል። 1 ላይ ስመልሰው ደግሞ ይቆረጣሉ። አንድ ረድፍ ጨምሬ ስፋቱን ልቀንስ? ወይስ ዳርና ዳሩን ወደ ካሜራው ትንሽ ማጠፍ ይሻላል?

ደረጃ የለም፤ ያለኝ አንድ መሰላል ነው። ከላይ ሆኜ ባነሳ የኋላዎቹ ፊት ይገለጣል ብዬ አስባለሁ። ግን ምን ያህል ከፍ ልበል? አያቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ብዙ መቆየት አትችልም፤ እሷን ማድከም በፍጹም አልፈልግም።