ጥላዬን አንሥቻለሁ፦ ለጋራ መድበላችን የባህል ሰነድ ዕቅድ

ሰናይት
ሰላም ለሁላችሁም። ለማኅበሩ ቦርድ የምናቀርበው የመድበል ዕቅድ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሰባት ጸሐፊዎች ስለ አንድ ሕዝብ ሰባት ታሪክ እንጽፋለን ብለናል። ሕዝቡ ግን እስካሁን ወግ የለውም። የላካችኋቸውን ሦስት ናሙናዎች አነበብኩ። በአንዱ ሰዎቹ ሲገናኙ ግንባር ለግንባር ይነካካሉ፣ በሌላው ይጨባበጣሉ፣ በሦስተኛው ዝም ብለው ያልፋሉ። ስለዚህ ከአራት ገጽ የማይበልጥ የባህል ሰነድ አብረን እናዘጋጅ፦ ስም አወጣጥ፣ ሰላምታ፣ ነውር። የተስማማንበትን ላስታውስ። ቦታው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ቢ የምትባል ፕላኔት ናት። ሕዝቡ በብርሃኑና በጨለማው ድንበር ላይ ይኖራል። በሁለት እግሩ ይሄዳል፣ ቁመቱም እንደኛ ነው። ደሙ ግን እንደ እንሽላሊት በብርሃን ነው የሚሞቀው።

ዮናስ
እኔ አርባ ነውሮች ዘርዝሬያለሁ፣ ዛሬ ማታ እልካለሁ። ለምሳሌ ሰማያዊ ምግብ አይበላም፣ በግራ እጅ በር አይከፈትም። ምክንያት አልሰጠኋቸውም። ምክንያት ካለው ሕግ ነው እንጂ ነውር አይደለም። ደግሞ እዚያ ፀሐይ ስለማትንቀሳቀስ ጊዜ የሚባል ነገር የላቸውም። ስለዚህ «እንደምን አደርክ»፣ «እንዴት ዋልክ» ብሎ ነገር የለም።

ጋሽ በላይ
ዮናስ፣ ሰላምታው ላይ ልክ ነህ፣ በጣም ጥሩ ነጥብ ነው። የኛ ሰላምታ በማደርና በመዋል ላይ የቆመ ነው። ማደር የሌለበት ሰው «እንደምን አደርክ» አይልም። ጊዜ የላቸውም ያልከው ግን አያስኬድም።

ፕሮክሲማ ቢ መኖሯ የተነገረው በፈረንጆች 2016 ነው። ከኛ ወደ 4.2 የብርሃን ዓመት ትርቃለች፣ ኮከቧን በ11 ቀን ከጥቂት ሰዓት ትዞራለች። ለኮከቧ በጣም ስለምትቀርብ አንድ ፊቷን ብቻ ሳታሳያት አትቀርም። አልተረጋገጠም፤ ለኛ ታሪክ ግን ነው ብለን እንውሰድ። ምሕዋሯ ፍጹም ክብ ከሆነ ኮከቧ ሰማይ ላይ እንደ ሚስማር ትቆማለች። ጥቂት ሞላላ ከሆነ ግን በየ11 ቀኑ ወደ አድማሱ ዝቅ፣ መልሳ ከፍ ትላለች። ከተማችንን ኮከቧ ከአድማስ 5 ዲግሪ ከፍ ብላ የምትታይበት ቦታ ላይ አድርጉት። ሁለት ዲግሪ ከሩብ ያህል ትወዛወዝ። ይኼ ብቻውን የቀን መቁጠሪያ ይሆናቸዋል።

አሁን ጥላውን አስሉት። 1.70 ሜትር የሚረዝም ሰው በ5 ዲግሪ ብርሃን ጥላው 19 ሜትር ነው። ኮከቧ ዝቅ ስትል 35 ሜትር ይደርሳል፣ ከፍ ስትል ወደ 13 ይወርዳል። ደሙ በብርሃን ለሚሞቅ ሕዝብ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ከኋላዬ ባለው ሰው ላይ ጥላዬን ጥዬ ከቆምኩ አቀዘቅዘዋለሁ፣ ጉልበቱን እወስድበታለሁ። ነውሩን ከዚህ ጀምሩ።

ሰናይት
ጋሽ በላይ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚህ የምንፈልገው ሁሉ የሚወጣ ይመስለኛል። ዮናስ፣ ያንተንም ሐሳብ ግማሹን እወስዳለሁ። ሰዎቹ ምክንያቱን ላያውቁት ይችላሉ። «አባቶቻችን አይወዱትም ነበር» ብለው ያልፉታል። እኛ ጸሐፊዎቹ ግን ማወቅ አለብን፤ አለዚያ ሰባታችን ሰባት ቦታ እንጥሰዋለን። ሰማያዊው ምግብ ከምን እንደመጣ ካላወቅሁ ረሃብ ቢመጣ ይብሉት አይብሉት መወሰን አልችልም። የጥላውን ግን እችላለሁ።

ለሰላምታው የመጀመሪያ ሙከራዬ ይኸው። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ወደ ብርሃኑ የሚቀርበው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይላል። በጥንት ጊዜ ሙሉ ቃሉ «ጥላዬን ከላይህ አንሥቼልሃለሁ» ነበር። አሁን በአፍ ሲመላለስ አልቆ «አንሥቻለሁ» ብቻ ቀርቷል። መልሱ «ደርሶኛል» ነው፣ ብርሃኑ ደርሶኛል ለማለት። እኛ «ጤና ይስጥልኝ» ስንል ማን ለማን ጤና እንደሚሰጥ አስበን አናውቅም። የነሱም እንደዚያ ያለቀ ይሁን። ጨለማ ቤት ውስጥ፣ ምንም ጥላ በሌለበት፣ አንዱ ገብቶ «አንሥቻለሁ» ይበል። ያን ጊዜ አንባቢ ወጉ የቆየ መሆኑን ያምናል።

እትዬ አልማዝ
ልጆች፣ እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። አንድ ነገር ከበደኝ። ጥላ እንዴት ነውር ይሆናል? እናቴ ልትመርቀኝ «ከጥላሽ አያጉድልሽ» ነበር የምትለኝ። ጥላ ከለላ ነው። ሕፃን ልጅ ይዤ ቀትር ላይ ስወጣ ጥላዬን በፊቱ ላይ እያደረግሁ ነበር የምሄደው። አማርኛ አንባቢ ጥላን ክፉ ነው ብትሉት እሺ አይላችሁም።

ጋሽ በላይ
እትዬ አልማዝ፣ ከሁላችንም የተሻለውን ነገር አመጡ። ትንሽ አካል ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይደርቃል። ብርሃን ለትልቁ ጉልበት ሲሆን ለሕፃኑ ሊበዛበት ይችላል። ስለዚህ እናት ልጇን ጥላዋ ውስጥ ታሳድጋለች። ያው ጥላ ለአዋቂ ስድብ፣ ለሕፃን ፍቅር ነው ማለት ነው።

ሰናይት
ስም አወጣጡ ተገኘ! በራሱ ቆሞ የራሱን ጥላ እስኪጥል ድረስ ልጅ የራሱ ስም የለውም። በእናቱ ስም ላይ «ታ» ተጨምሮ ይጠራል። እናቱ ኪራሽ ከሆነች እሱ ኪራሽታ ነው፣ «በኪራሽ ጥላ ሥር» እንደማለት። መራመድ ሲጀምር ጎረቤት ተሰብስቦ ከእናቱ ጥላ ሲወጣ ያያል። ስሙ የሚወጣውም ያን ዕለት ነው። እንበል ዶናይ ተባለ።

ከዚህ በኋላ አንዲት ፊደል ብዙ ሥራ ትሠራልናለች። ያደገን ሰው በአደባባይ «ኪራሽታ» ብሎ መጥራት ድብድብ ያስነሣል። አሮጊቷ ኪራሽ ግን ልጇ ታሞ ተኝቶ «ኪራሽታ» ብትለው የሚስቅ የለም። አንዱ ስድብ፣ ሌላው እንባ ነው። ሳናብራራ ለአንባቢ የምናስተላልፈው እንዲህ ዓይነቱን ነው።

ስሞቹን በአፋችሁ ሞክሯቸው። ዮናስ፣ «ዝ'ኽራ'ቅ» የምትለዋ ጀግናህ ስሟን ጮክ ብዬ ማንበብ አቃተኝ። ጭረቶቹን እናውጣቸው።

ዮናስ
እሺ፣ ጭረቶቹን አወጣለሁ። ግን ነውሩ ላይ ችግር አለብን። ጥላዬ 19 ሜትር ከሆነ ገበያ መሄድ አልችልም። ሺህ ሰው ባለበት ማን ማንን ሳያጠላበት ይቆማል?

ጋሽ በላይ
አዎ፣ ያንን ካልፈታን ከተማዋ ከተማ አትሆንም። ወረቀት ላይ ሣልኩት። ሻጩ ከብርሃኑ በኩል ከቆመ ገዢው ላይ ያጠላል። ገዢው ከብርሃኑ በኩል ከቆመ ሻጩ ላይ ያጠላል። የቀረው አንድ መንገድ ነው፦ ጎን ለጎን ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው መቆም። ስለዚህ ገበያው በአንድ ረጅም ረድፍ ተዘርግቷል። ረድፉ ብርሃኑን አግድም ይቆርጠዋል፣ ከኋላው ያለው መሬት ባዶ ነው። ሰዎቹ ዋጋ የሚከራከሩት ሳይተያዩ ነው፣ በድምፅ ብቻ። ፊት ለፊት የሚቆሙ ሰዎች ወይ ሊጣሉ ነው፣ ወይ ይዋደዳሉ።

ጥላው 35 ሜትር በሚደርስበት ጊዜ ገበያ የለም። ያ በየ11 ቀኑ የሚመጣ የቤት ቀን ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ኮከቧ ከዚያ ስትታይ ስፋቷ ከኛ ፀሐይ ወደ 3 እጥፍ ነው። ብርሃኑ ከሰፊ ነገር ሲመጣ የጥላው ጠርዝ ይደበዝዛል። 19 ሜትር ላይ ድብዝዙ ከግማሽ ሜትር ይበልጣል፣ ከሰው ትከሻ ይሰፋል። ስለዚህ ጫፉ አካባቢ ጥላው አለ ወይስ የለም ብሎ መወሰን አይቻልም። «አጥልተህብኛል»፣ «አላጠላሁም» የሚባለው ክርክር ሁሉ እዚያ ነው የሚነሣው። ዳኞች ይኖሯቸዋል፣ በእርምጃ የሚለኩ ሽማግሌዎች። ድሃ ሰው ሀብታም ሲያጠላበት ድብዝዙ ውስጥ ነበርክ ተብሎ ይፈረድበታል።

ወይንሸት
ይኼ የዳኞቹ ነገር ለኔ ታሪክ ይሁንልኝ፣ እባካችሁ።

እኔ ስለ ስም ነውር ልጨምር። እናቴ ከምባታ ናት፣ ዱራሜ አካባቢ ነው ያደገችው። እዚያ «ባሊሻ» የሚባል ወግ አለ። ያገባች ሴት የባሏን ወላጆች ስም አትጠራም። ስማቸውን ብቻ አይደለም፤ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩ ሌሎች ቃላትንም ትተዋለች። በምትካቸው ሴቶቹ የሚያውቋቸው ሌሎች ቃላት አሉ። ልጅ ሆኜ አያቴና እናቴ አንዱን ዕቃ በሁለት ስም ሲጠሩት ሁለት ዕቃ ይመስለኝ ነበር። ከልጅነቴ እስካሁን ከአእምሮዬ ያልጠፋው ይኼ ነው።

ለሰዎቻችንም ለሙታን እናድርገው። የሞተ ሰው ጥላ የለውም፣ ተኝቷልና። ዶናይ ሲሞት በቤቱ «ዶ» ብሎ የሚጀምር ቃል ለሦስት ውዝዋዜ አይነገርም። ወደ 33 ቀን መሆኑ ነው። «ዶን» በነሱ ቋንቋ ድንጋይ ከሆነ ሚስቱ «ከባዱ» ትላለች። እሷ ድንጋዩን ከባዱ ስትል የሰማ ጎረቤት ሐዘን እንዳለ ያውቃል።

ሰናይት
ወይንሸት፣ ልብ የሚነካ ነው። የሚያስፈራኝ አንባቢው ነው። ቃል ሲቀየርበት የፊደል ስሕተት ነው ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ብናደርግስ? በአንድ ታሪክ አንድ ቃል ብቻ ይቀየር፣ ቃሉም አስቀድሞ ሦስት ወይም አራት ጊዜ የታየ ይሁን። ከዚያ አንድ ልጅ ረስቶ «ዶን» ይበል፣ ቤቱ ጸጥ ይበል።

ዮናስ
እኔ አልስማማም። በነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ የሙታን ቃልም ሲጨመር የኔ የጉዞ ታሪክ ውስጥ የሚገባ አይመስለኝም። የኔ ሰው ብቻውን ነው የሚሄደው፣ ቤት የለውም። ማን ያርመዋል?

ወይንሸት
ብቻውንም ቢሆን «ከባዱ» ይላል። ማንም ሳይሰማው መጠንቀቁ ነው ታሪኩ።

ሰናይት
ይኼን ነጥብ ክፍት እተወዋለሁ፣ ዮናስ ያስብበት። ለቦርዱ ረቂቅ እስከ ሐሙስ የምጽፈው ይኼን ነው፦ የጎን እርምጃውንና «አንሥቻለሁ»፣ የ«ታ» ስምን፣ የገበያውን ረድፍና የቤቱን ቀን፣ የድብዝዙን ዳኞች። የሙታኑ ቃል «በውይይት ላይ» ተብሎ ይገባል። እትዬ አልማዝ፣ የስም ማውጫውን ቀን እርስዎ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል። ጎረቤቱ ምን ይዞ ይመጣል? ልጁ ከጥላው ለመውጣት እምቢ ካለስ?

እትዬ አልማዝ
እምቢ ካለማ እናትየዋ ናት ወደ ኋላ የምትሄደው። ቀስ ብላ፣ እያየችው። እጽፈዋለሁ።