ወንድሜ ከመኪናው ሳይወርድ በመውጋት ወንጀል ሊከሰስ ይችላልን?

ታላቅ እህት፦ እባካችሁ፣ አስቸኳይ ነው። ትናንት ሌሊት ታናሽ ወንድሜ ሁለት ጓደኞቹን በመኪናው አድርሶ ውጭ ሲጠብቃቸው፣ እነርሱ መጋዘን ሰብረው ገብተው አንደኛው ጥበቃውን በቢላዋ ወግቶታል። ጥበቃው በሕይወት አለ። ወንድሜ ማንንም አልነካም፤ ነገር ግን ነገ ጠዋት ለፖሊስ ቃሉን እንዲሰጥ ተጠርቷል። እርሱ ምን አገባው?

አባ መላ፦ አብሮ የሄደ አብሮ ይጠየቃል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1946 በፒንከርተን ወንድማማቾች ጉዳይ፣ አንደኛው እስር ቤት ሳለ ሌላው ለፈጸመው ወንጀል ጭምር ተጠያቂ ተደርጓል። ሴራ ካለ የአንዱ ጥፋት የሁሉም ነው።

መንገደኛ፦ ሒሳብ ተቀብሎ ከሆነ ታክሲ ነበርኩ ይበላ።

የቀድሞ ተከላካይ ጠበቃ፦ ታክሲም ቢሆን ለምን እንደሚሄዱ እያወቀ ካደረሳቸው፣ ሒሳብ መቀበሉ ከተጠያቂነት አያድነውም። አባ መላ የጠቀሱት ደንብም ቢሆን፣ ድርጊቱ ለሴራው ዓላማ የተፈጸመና አስቀድሞ ሊገመት የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከዚያም በላይ በሁሉም ሀገር የሚሠራ አይደለም። እመቤቴ፣ የትኛው ሀገር እንደሆነ አልነገሩንም። በአብዛኛው ግን ወሳኙ ወንድምዎ ምን እንዳወቀ እና መቼ እንዳወቀ ነው። ስርቆቱን አውቆ ከነዳ፣ እጁ ምንም ባይነካ በስርቆቱ ተባባሪ ነው። መውጋቱ ለብቻው ይመዘናል። ቢላዋ መያዛቸውን ያወቀው ወደ መኪናው ተመልሰው ሲገቡ ከሆነ፣ በመውጋቱ ተባባሪ ነው ለማለት ይከብዳል፤ አውቆ ካሸሻቸው ግን ከድርጊቱ በኋላ ወንጀለኛን መርዳት በሚል ሌላ ክስ ሊመጣበት ይችላል።

ለምለም፦ እኔም መኪናዬን ለዘመዴ አውሼ ዕቃ ተሰርቆበት ነበር። ለምስክርነት ተጠርቼ በሰላም ተመልሻለሁና፣ እህቴ፣ አይጨነቁ።

የቀድሞ ተከላካይ ጠበቃ፦ እርስዎ አላወቁም ነበር፤ የዳኑትም በዚያ ነው።

አባ መላ፦ ታዲያ ሌሊት መጋዘን የሚሰብር ሰው ጥበቃ እንደሚያጋጥመው ማን አይገምትም? መገመቱ ይበቃል።

የቀድሞ ተከላካይ ጠበቃ፦ በእንግሊዝ ለሠላሳ ዓመታት ያህል እንዲሁ ይፈረድ ነበር። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 በጆጊ ጉዳይ፣ አስቀድሞ መገመት የተባባሪውን ወንጀሉን የመርዳት ሐሳብ ለማሳየት ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል፣ ብቻውን ግን ሐሳብ እንዳልሆነ ወስኖ ያንን መንገድ አርሞታል።

ታላቅ እህት፦ አሁን ጠየቅሁት። ለስርቆት እንደሚሄዱ ያውቅ ነበር። ቢላዋውንም መኪናው ውስጥ አይቶታል፤ በሩን ለመፈልቀቅ ነው ብለውት ነበር። ነገ ይህን ይናገር?

የቀድሞ ተከላካይ ጠበቃ፦ ክርክሩ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ያንን ማብራሪያ አምኖ እንደሆነ ዳኛው ከሁኔታው ሁሉ ይመዝነዋል። ጠበቃ አጠገቡ ሳይቀመጥ ግን አንድም ቃል አይስጥ፣ የሐሰት ቃልም ፈጽሞ አይስጥ። እርስዎም ከዚህ በላይ እዚህ አይጻፉ።